ዕቃ ጎድሎ ወይም ተሰብሮ ሲመጣ ለሻጩ የሚጻፈው ደብዳቤ

ወረታ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ የሩዝ ወፍጮ ቤቶች ፋታ የማያገኙበት ሰሞን ነው። የፎገራ ሜዳ ሩዝ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ በጆንያ ወደ ከተማ የሚገባው ያኔ ነው። በዚህ ጊዜ የአንዱ ወፍጮ የጎማ ሮለር አልቆ መለዋወጫ ከጠፋ ወፍጮው ይቆማል። ገበሬው ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም፤ ጆንያውን አንስቶ ቀጣዩ ወፍጮ ቤት ይሄዳል።

እንግዲህ መለዋወጫው አዲስ አበባ ታዞ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወረታ ደረሰ እንበል። ካርቶኑ ሲከፈት አንዱ ጎድሏል፣ ሌላው ተበላሽቷል፣ ሌላው ደግሞ ጭራሽ ያልታዘዘ ቁጥር ነው። ብዙዎቻችን የምናደርገው ስልክ አንስቶ መጮህ ነው። ሻጩም «ችግር የለም፣ እናያለን» ይላል። በሳምንቱ ስትደውሉ «የትኛው ዕቃ ነበር? ስንት ነበር?» ይላችኋል። የግድ ክፉ ሰው ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ በቀን ሃያ ሰው የሚደውልለት ሰው የእናንተን ሮለር በቃሉ አይዝም።

ዛሬ የምናሳያችሁ በስልክ ፋንታ ምን እንደሚጻፍ ነው። ምሳሌያችን ወረታ ያለ አንድ ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮ ቤቱንም ቁጥሮቹንም እኛ ነን የፈጠርናቸው፤ ዋጋዎቹ ለስሌት እንዲቀሉ የተመረጡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። የሞባይል ዕቃ ወይም የኮስሞቲክስ ሱቅ ያላችሁም ብትሆኑ አሠራሩ ያው ነው።

ሦስቱ ወረቀቶች

ከዕቃው ጋር የሚመጣ አንድ ወረቀት አለ፤ ነጋዴው «ፓኪንግ ሊስት» ይለዋል። ካርቶን ውስጥ ይገባል ወይም ካርቶኑ ላይ ይለጠፋል። የትኛው ካርቶን ውስጥ ምን ዕቃ፣ ስንት እንደታሸገ ይዘረዝራል። ብዙ ጊዜ ዋጋ የለበትም።

ደረሰኙ ሌላ ወረቀት ነው፤ ስንት እንደከፈላችሁና ለምን እንደከፈላችሁ ይናገራል። ሦስተኛው የትራንስፖርቱ ወረቀት ነው። ሾፌሩ ስንት ካርቶን እንደተረከበና ስንት ካርቶን እንዳስረከበ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቆጥሮ ከፓኪንግ ሊስቱ ጋር ካመሳከረና ከተስማማ «ሙሉ ነው» ብሎ ይተወዋል። ፓኪንግ ሊስቱ የሚነግራችሁ ግን ሻጩ አሸግኩ የሚለውን እንጂ እናንተ የከፈላችሁበትን አይደለም። አሥር ከፍላችሁ ሻጩ ስድስት ብቻ አሽጎ፣ ወረቀቱ ላይም ስድስት ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ቆጠራውና ፓኪንግ ሊስቱ ይስማማሉ፤ የእናንተ አራት ዕቃ ግን የለም። ስለዚህ ሦስት ነገር ጎን ለጎን ይቀመጣል፦ ደረሰኙ፣ ፓኪንግ ሊስቱ፣ በእጅ የተቆጠረው።

መኪናው ሳይሄድ

መጀመሪያ የሚቆጠረው ካርቶን ነው። አምስት ካርቶን ከተባለ አምስት መሆኑን ሾፌሩ ፊት እዩ። አንድ ሙሉ ካርቶን ከጠፋ ጥያቄው በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጫነው መኪና ነው። ካርቶኑ እሽጉ ሳይነካ ደርሶ ውስጡ ከጎደለ ግን ወደ ሻጩ ነው። ይህን ልዩነት በኋላ ማስረዳት የሚቻለው መኪናው በር ላይ ሳለ የተጻፈ ነገር ካለ ነው።

ካርቶን ተቀድዶ፣ ረጥቦ ወይም ተጨፍልቆ ከመጣ ሾፌሩ በሚያስፈርማችሁ ወረቀት ላይ ከፊርማችሁ በላይ ጻፉት። «ካርቶን 2 አንድ ጥጉ ተቀድዶ ደርሷል፤ ውስጡ ሳይታይ ተረከብኩ» ብትሉ ይበቃል። ሾፌሩም ይፈርምበት፤ ወረቀቱንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሾፌሩ «እኔ እቸኩላለሁ» ማለቱ አይቀርም። አንድ መስመር መጻፍ ግን ደቂቃ አይፈጅም። ምንም ሳትጽፉ «በደህና ተረክቤያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ከፈረማችሁ፣ በኋላ የምትጽፉት ደብዳቤ ከገዛ ፊርማችሁ ጋር ይጣላል።

በነገራችን ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍሎች ይህን ነገር በሚገባ ይዘውታል። ዕቃ ተቆጥሮ ሳይረጋገጥ ሞዴል 19 አይቆረጥም። «ቢሮክራሲ» ብለን የምንስቅበት ወረቀት ሱቅ ለከፈተ ሰው ጥሩ ልማድ ነው።

ካርቶኑ ሲከፈት

ከመክፈታችሁ በፊት የተዘጋውን ካርቶን ፎቶ አንሱ፤ የተለጠፈው ስቲከርና ቁጥሩ ይታይ። ከዚያ አንድ ካርቶን ከፍታችሁ ጨርሳችሁ ስትቆጥሩ ወደ ሌላው እለፉ። አምስቱንም አንድ ላይ ከዘረገፋችሁ የትኛው ዕቃ ከየትኛው ካርቶን እንደጎደለ ማንም አያውቅም። ሁለት ሰው ቢሆን ይሻላል፤ አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ይጽፋል።

የምሳሌያችን ወፍጮ ቤት የከፈተው ካርቶን ይህን ይመስላል። ካርቶን 1 እና 2 ውስጥ ስድስት ስድስት፣ በድምሩ 12 የጎማ ሮለር መኖር አለበት። ካርቶን 1 ውስጥ የተገኘው 5 ነው። ካርቶን 2 ውስጥ 6ቱም አሉ፤ ግን የሁለቱ ጎማ ከብረቱ ተላቅቋል። ካርቶን 3 ውስጥ 10 ቺንጊያ አለ፣ ሙሉ ነው። ካርቶን 4 ውስጥ ስምንት ኩሽኔታ አለ፤ በቁጥር ሙሉ ይመስላል። ካርቶን 5 ውስጥ ስድስት ወንፊት አለ፤ ፓኪንግ ሊስቱም ስድስት ይላል።

ኩሽኔታው ላይ እናቁም። ስምንት ታዟል፣ ስምንት መጥቷል። ግን የታዘዘው 6206 ነው፤ ከስምንቱ ሁለቱ ላይ የተቀረጸው 6205 ይላል። በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የ6206 የውስጥ ቀዳዳ 30 ሚሊ ሜትር፣ የ6205 ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዘንጉ ላይ አይገባም። ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ ሳጥኑን ሳይሆን ዕቃውን ራሱን ማንበብ ነው። «ስምንት፣ ስምንት፣ አለቀ» ብሎ ያለፈ ሰው ይህን የሚያውቀው ወፍጮው ተፈትቶ መካኒኩ ቆሞ እያየው ነው።

ወንፊቱ ደግሞ ቅድም ያልነው ነው። ቆጠራና ፓኪንግ ሊስት ተስማምተዋል፤ ደረሰኙ ግን 10 ይላል። የአራቱ ወንፊት ገንዘብ ተከፍሏል፣ ወንፊቱ አልተላከም።

አራቱን አትቀላቅሉ

አሁን ደብዳቤው። ትልቁ ስህተት ሁሉንም «ጎድሏል» ብሎ መጻፍ ነው። ምሳሌያችን ላይ ሮለር የጎደለው አንድ ነው፣ የተበላሸው ሁለት። ባለ ወፍጮው ተናድዶ «ሦስት ሮለር የለም» ብሎ ቢጽፍ፣ ሻጩ በኋላ ሁለቱ ሮለሮች እዚያው እንዳሉ ሲያውቅ እውነተኛውንም አንዱን መጠራጠር ይጀምራል። የጎደለ፣ የተበላሸ፣ ያልታዘዘ፣ ተከፍሎበት ያልተላከ፦ እነዚህ አራቱ ለየብቻ ይጻፋሉ፤ ምክንያቱም ሻጩ ለእያንዳንዱ የሚያጣራው ቦታ የተለያየ ነው። ለጎደለው ያሸገውን ሰው ይጠይቃል፤ ለተበላሸው ፎቶ ያያል፤ ለተሳሳተው ቁጥር መጋዘኑን ይፈትሻል፤ ላልተላከው ደግሞ ሂሳብ ክፍሉን።

ሁለተኛው ስህተት ምክንያት መገመት ነው። «ሆን ብላችሁ አሮጌ ሮለር ልካችሁልናል» ማለት ክርክር ይከፍታል። የታየውን ብቻ ጻፉ፦ ጎማው ከብረቱ ተላቅቋል፣ ዙሪያውን ክፍተት ይታያል፣ ብረቱ ላይ የመመታት ምልክት የለም። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ምክንያቱም የካርቶን 2 ጥግ ተቀድዷል፣ ሻጩም «መንገድ ላይ ነው የተበላሸው» ማለቱ አይቀርም።

ደብዳቤው ይህን ይመስላል፦

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 2025)

ለ፦ (የሻጩ ድርጅት ሙሉ ስም) ሽያጭ ክፍል፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በፓኪንግ ሊስት ቁጥር 0418 በተላከ ዕቃ ላይ የታየ ጉድለትና ብልሽትን ስለማሳወቅ

በደረሰኝ ቁጥር 1157 ከድርጅታችሁ የገዛነውን የሩዝ ወፍጮ መለዋወጫ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወረታ ተረክበናል። አምስቱም ካርቶኖች ደርሰዋል። ካርቶን 2 አንድ ጥጉ ተቀድዶ በመድረሱ ይህንኑ በትራንስፖርቱ ወረቀት ላይ ጽፈን ሾፌሩ ፈርሞበታል። ካርቶኖቹን በዚያው ዕለት ሁለት ሰዎች ባሉበት ከፍተን ስንቆጥር የሚከተለውን አግኝተናል።

ሀ) የጎደለ፦ ካርቶን 1፣ የጎማ ሮለር 6 ኢንች። በፓኪንግ ሊስቱ 6፣ የተገኘ 5፣ የጎደለ 1። የካርቶኑ እሽግ ሳይነካ ደርሷል (ፎቶ 1 እና 2)።

ለ) የተበላሸ፦ ካርቶን 2፣ የጎማ ሮለር 6 ኢንች። በፓኪንግ ሊስቱ 6፣ የተገኘ 6፣ ከእነዚህ 2ቱ ጎማቸው ከብረቱ ተላቅቋል። ብረቱ ላይ የመመታት ምልክት የለም (ፎቶ 3 እና 4)።

ሐ) ያልታዘዘ፦ ካርቶን 4፣ ኩሽኔታ። በፓኪንግ ሊስቱ 6206 ብዛት 8። የተገኘው 6206 ብዛት 6 እና 6205 ብዛት 2 ነው (ፎቶ 5)።

መ) ተከፍሎበት ያልተላከ፦ ካርቶን 5፣ ወንፊት። በደረሰኙ 10፣ በፓኪንግ ሊስቱ 6፣ የተገኘ 6፣ ያልተላከ 4።

በካርቶን 3 የተላከው 10 ቺንጊያ በትክክል ደርሶናል።

ከላይ የተጠቀሱት ዕቃዎች ዋጋ በደረሰኙ መሠረት ከቫት በፊት ብር 8,800፣ ከቫት ጋር ብር 10,120 ነው።

ስለዚህ 3 የጎማ ሮለር፣ 2 ኩሽኔታ 6206 እና 4 ወንፊት እስከ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዲላክልን እንጠይቃለን። ወንፊቱን በዚህ ቀን መላክ የማይቻል ከሆነ የ4ቱ ዋጋ ከነቫቱ እንዲመለስልን ወይም በክሬዲት ኖት እንዲያዝልን እንጠይቃለን። የተበላሹትን 2 ሮለሮችና 2ቱን ኩሽኔታ 6205 ሳንጠቀምባቸው ለይተን አስቀምጠናል፤ በእናንተ ወጪ የሚመለሱበትን መንገድ አሳውቁን።

ከሠላምታ ጋር፣
(ስም፣ ፊርማ፣ ማኅተም፣ ስልክ)

ግልባጭ፦ ለትራንስፖርት ድርጅቱ

እያንዳንዱ መስመር ለምን ገባ?

ገንዘቡ የመጣው ከደረሰኙ ነው። በምሳሌያችን ሮለር 2,000 ብር ስለሆነ የጎደለውና የተበላሹት ሦስቱ 6,000፤ ሁለቱ ኩሽኔታ በ400 ሂሳብ 800፤ አራቱ ወንፊት በ500 ሂሳብ 2,000። ድምሩ 8,800 ነው። 15 በመቶ ቫት 1,320 ሲጨመርበት 10,120 ይሆናል። ቫቱን መርሳት የተለመደ ነው፤ ከፍላችሁታልና ጻፉት።

በትክክል የደረሰውን ቺንጊያ መጥቀስ ትርፍ ሊመስላችሁ ይችላል። እኛ ግን አስፈላጊ ነው እንላለን። ሁሉንም እንደቆጠራችሁና ያልጎደለውን ጎድሏል እንዳላላችሁ ያሳያል። በኋላም ማንም «ቺንጊያውስ?» ብሎ አዲስ ክርክር አያነሳም።

«ሳንጠቀምባቸው ለይተን አስቀምጠናል» የሚለው ቃል እውነት መሆን አለበት። የሩዝ ወፍጮ የጎማ ሮለር በጥንድ ነው የሚሠራው፤ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት ይዞራሉ፣ በዚህ ፍትጊያ ነው ገለባው የሚላቀቀው። በምሳሌያችን ከ12ቱ ደህና ሆነው የቀሩት 9 ናቸው፤ አራት ጥንድና አንድ ብቸኛ ማለት ነው። ፈተናው ያችን ብቸኛ ከተበላሸው ከአንዱ ጋር ገጥሞ «ለዛሬ እንኳ ልፍጭበት» ማለት ነው። ያን ካደረጋችሁ ሻጩ «ስትሠሩበት ነው የተበላሸው» ሊላችሁ ነው፤ እውነቱን ማን ይለየዋል? ያረጀ ሮለር ከአዲሱ ጋር ማጣመርም ቢሆን ውፍረታቸው ስለማይመጣጠን የፍጥነታቸው ልክ ይዛባል፣ ሩዙም ይሰባበራል። ሥራ ቢያስቆምም የተበላሸው ይቀመጥ።

ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈው የብዙ ሻጮች ማሽን የሚያትመው በፈረንጆቹ ስለሆነ ነው። ደረሰኙ ኖቬምበር ብሎ ደብዳቤው ኅዳር ሲል ቀን ቆጣሪው ግራ ይጋባል።

ቀኑ ለምን ይቸኩላል?

ደብዳቤው ዕቃው በደረሰ በማግስቱ የተጻፈው ለወግ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በሚናገርበት ክፍል፣ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ፣ ሻጩ ያስረከበው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። ከውሉ ያነሰ መጠን ማስረከብም እንደ አለመስማማት ይቆጠራል። ግን ገዢውንም ያስገድዳል፦ ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት መመርመር፣ ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ፣ ሲያሳውቅም የጉድለቱን ዓይነት ለይቶ መግለጽ አለበት። ካርቶኑን ሳይከፍት ሦስት ወር ያስቀመጠ ወይም «ዕቃችሁ ችግር አለበት» ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው ዋስትናውን ሊያጣ ይችላል። በውላችሁ ወይም በደረሰኙ ጀርባ ላይ «ቅሬታ በዚህን ያህል ቀን» የሚል ካለም እሱን ቀድማችሁ አንብቡ።

«የሸማች ጥበቃ ሕግ አለ አይደል?» የምትሉ አላችሁ። አዋጅ 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው፤ መልሶ ለመሸጥ ወይም ለማምረት የሚገዛውን አይደለም። ለወፍጮው ሮለር የገዛ ሰው እዚያ ውስጥ አይገባም። ቤቱ የሚጠቀምበትን ፍሪጅ ሲገዛ ግን ይገባል።

በቴሌግራም ስትልኩ

አብዛኞቻችሁ የምትልኩት በቴሌግራም እንደሆነ እናውቃለን፤ ፈጣን ነውና ላኩት። ሁለት ነገር ብቻ ያዙ። አንደኛ፣ ፎቶውን እንደ ፎቶ ስትልኩት መጠኑ ስለሚቀነስ ኩሽኔታው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ሊደበዝዝ ይችላል። «File» የሚለውን መርጣችሁ ላኩት፤ እንዳለ ይሄዳል። ደብዳቤውንም ፈርማችሁበት ስካን አድርጋችሁ በአንድ ፒዲኤፍ ላኩ እንጂ በአሥር ቁራጭ ቴክስት አትበትኑት።

ሁለተኛ፣ በቴሌግራም የሁለት ሰው ጭውውት ውስጥ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ሻጩ «እሺ ደርሶናል፣ እንልካለን» ብሎ ከመለሰላችሁ ስሙና ሰዓቱ የሚታይበት ስክሪንሾት ያን ጊዜውኑ ያዙ። ከዚያ በተጨማሪ ወረቀቱን ሁለት ቅጂ አትሙ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ አንዱን ሰጥቶ ሌላው ላይ «ተቀብያለሁ» የሚል ፊርማ፣ ቀንና ማኅተም ያስደርግላችሁ። ኔትወርክ በሚጠፋበት ሰሞን የሚተርፋችሁ ይቺ ቅጂ ናት።

ምትኩ ሲመጣ

ሻጩ ተስማምቶ ምትኩን ሲልክ አዲስ ፓኪንግ ሊስት አብሮ ይመጣል። ይህንንም ቁጠሩት፤ አሁን የምታመሳክሩት ግን ከመጀመሪያው ደረሰኝ ጋር ሳይሆን ከደብዳቤያችሁ ጋር ነው፦ ሮለር 3፣ ኩሽኔታ 6206 ብዛት 2፣ ወንፊት 4። ሁሉም ከመጣ በአዲሱ ወረቀት ላይ «የኅዳር 12ቱ ደብዳቤ ተሟልቷል» ብላችሁ ፈርሙ። ወንፊቱ ቀርቶ ሌላው ከመጣ ደግሞ «ከደብዳቤው ፊደል መ በስተቀር ተሟልቷል» ብላችሁ ጻፉ። ዝም ብላችሁ ከፈረማችሁ አራቱ ወንፊት እዚያው ይቀራሉ።